በደሴዋ ሱቅ ዕቃን በትርጉም መፈለግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አክስቴ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የቤት ዕቃና የሀገር ልብስ ትሸጣለች። በዝርዝሯ ላይ 640 ዓይነት ዕቃ አለ። ደንበኞቿ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከከሚሴና ከወልድያ ሳይቀር በቴሌግራም ይጠይቃሉ፤ ዕቃው በመኪና ይላክላቸዋል። የደንበኛን ጥያቄ ተቀብሎ ተገቢውን ዕቃ የሚያወጣ ፍለጋ ከሠራሁላት በኋላ ሌሎች ባለ ሱቆችና ኮምፒውተር የሚማሩ ወጣቶች ስለ አሠራሩ ደጋግመው ጠይቀውኛል። መልሶቼን እዚህ ሰብስቤአለሁ።

ዕቃውን በስሙ መፈለግ አይበቃም?

ስሙን ለሚያውቅ ይበቃል። ሥራውን ከመጀመሬ በፊት አክስቴ ለሁለት ሳምንት ያህል ሰው የጠየቃትን ቃል በቃል በደብተር እንድትጽፍልኝ ለምኛት ነበር። ደብተሩን ስገልጠው “ልጅ ማዘያ አላችሁ?”፣ “እናቴን ብርድ እየጎዳት ነው፣ የሚሞቅ ነገር ላኩልኝ”፣ “ለመንገድ ምግብ የሚያዝበት”፣ “አራስ ልጠይቅ ነው፣ ምን ይሻላል?” የሚሉ ጥያቄዎች ሞልተውበታል። በዕቃ ዝርዝሩ ላይ ግን የተጻፈው “አንቀልባ”፣ “ቡልኮ”፣ “አገልግል” ነው። “ልጅ ማዘያ” እና “አንቀልባ” አንድም የጋራ ቃል የላቸውም፤ ቃል የሚያመሳስል ፍለጋ “አልተገኘም” ብሎ ደንበኛውን ይመልሰዋል። ዕቃው ግን መደርደሪያው ላይ ተሰቅሏል።

“ሰው የሚጠይቀኝ ስሙን አይደለም፣ ጉዳዩን ነው” አለችኝ አክስቴ። በትርጉም መፈለግ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ኢምቤዲንግ የሚባለው ነገር በቀላል አነጋገር ምንድን ነው?

ጽሑፍን ወደ ቁጥሮች ረድፍ የመለወጥ ሥራ ነው። በብዙ ጽሑፍ የሠለጠነ ሞዴል አንድ ዓረፍተ ነገር ይቀበልና ርዝመቱ የማይለወጥ የቁጥሮች ረድፍ ያወጣል፤ ይህ ረድፍ ቬክተር ይባላል። እኔ የተጠቀምኩበት ሞዴል ለእያንዳንዱ ጽሑፍ፣ አጭርም ይሁን ረጅም፣ 384 ቁጥሮች ይሰጣል። ሞዴሉ የሠለጠነው በትርጉም የሚቀራረቡ ጽሑፎች ቬክተራቸውም እንዲቀራረብ ተደርጎ ነው። ስለዚህ የ640ውን ዕቃ መግለጫ አስቀድመን ወደ ቬክተር እንለውጣለን፤ ደንበኛ ሲጠይቅም ጥያቄውን በዚያው ሞዴል ለውጠን በጣም የሚቀርቡትን ዕቃዎች እንመርጣለን። ቅርበቱ የሚለካው የሁለቱን ረድፎች ቁጥሮች ጥንድ ጥንድ አባዝቶ በመደመር ነው። የየቬክተሩ ቁጥሮች ካሬ ድምር አንድ እንዲሆን ከተስተካከሉ ይህ ድምር ኮሳይን የሚባለው መለኪያ ይሆናል።

የትኛውን ሞዴል ልምረጥ?

የእኔን ስሕተት አስቀድሜ ልናገር። መጀመሪያ የወሰድኩት በትምህርቶች ላይ ደጋግሞ የሚታየውን `all-MiniLM-L6-v2` ነበር። ፕሮግራሙ ያለ ምንም ስሕተት ሠራ፤ ውጤቱ ግን ትርጉም አልነበረውም። “አንቀልባ” ብል፣ “ጀበና” ብል የሚመጡት ዕቃዎች ያው ናቸው። አንድ ቀን ሙሉ ኮዴን ስፈትሽ ዋልኩ። ኮዱ ግን ምንም አልነበረበትም። ያ ሞዴል የተሠራው ለእንግሊዝኛ ነው፤ በቃላት መዝገቡ ውስጥ የእኛ ፊደል ስለሌለ ማንኛውንም የአማርኛ ቃል `[UNK]` ማለትም “የማይታወቅ” በሚል አንድ ምልክት ይተካዋል። የቃላቸው ብዛት እኩል የሆኑ ሁለት የዕቃ ስሞች በትክክል አንድ ዓይነት ቬክተር ያገኛሉ። ሞዴሉ ቅሬታ አያሰማም፤ ቁጥሩን ይሰጣችኋል። ስለዚህ ማንኛውንም ሞዴል ከመጠቀማችሁ በፊት ይህን አንድ መስመር አሂዱ፦

```python
print(model.tokenizer.tokenize("አንቀልባ የልጅ ማዘያ"))
```

`[UNK]` ከታየ ሞዴሉን ተዉት። “ብዙ ቋንቋ ያውቃል” የሚል ስምም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፦ `paraphrase-multilingual-MiniLM-L12-v2` ከ50 በላይ ቋንቋዎችን ይሸፍናል፣ አማርኛ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም።

አማርኛን ካካተቱት ውስጥ `LaBSE`፣ `BAAI/bge-m3` እና የ`multilingual-e5` ቤተሰብ ይገኛሉ። እኔ `intfloat/multilingual-e5-small` የተባለውን መረጥኩ። ውስጡ በሥልጠና የተስተካከሉ 118 ሚሊዮን ያህል ቁጥሮች አሉት፤ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ተራ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል። አንድ ደንብ ግን አለው፦ ከጥያቄው ፊት `query: `፣ ከዕቃው መግለጫ ፊት `passage: ` መጻፍ አለበት። የሠለጠነው እንዲያ ስለሆነ ይህን መርሳት ውጤቱን ያዳክማል፤ ምንም የስሕተት መልእክት ግን አይወጣም።

ከሞዴሉ ብዙ አትጠብቁ። የዚህ ሞዴል መነሻ የሆነው `XLM-R` ሲሠለጥን ከድረ ገጽ የተሰበሰበለት የአማርኛ ጽሑፍ ከ1 ጊጋባይት ያነሰ ነበር፤ የእንግሊዝኛው 300 ጊጋባይት ገደማ ነው። ስለ ልብስ፣ ስለ ብርድ፣ ስለ ቡና ያለውን የተለመደ አማርኛ በደህና ይረዳል። የወሎ ገበያ ውስጥ የምንሰማቸውን ብዙ ቃላት ግን ምናልባት አንድም ጊዜ አላያቸውም። ቀጣዩ ጥያቄ ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝም ስለዚህ ነው።

ለእያንዳንዱ ዕቃ ምን ዓይነት ጽሑፍ ልስጠው?

የሥራው ልብ እዚህ ነው። ሰዎች ስለ ሞዴልና ስለ ማውጫ ብዙ ይጠይቁኛል፤ የአክስቴ ፍለጋ የተሻሻለው ግን የዕቃዎቹን መግለጫ እንደገና በጻፍንበት ጊዜ ነው።

የነበረው ዝርዝር ለሒሳብ የተዘጋጀ ነበር፦ “ባና ትልቅ ሐይቅ 03”። “03” የመደርደሪያ ቁጥር ነው፤ “ሐይቅ” ደግሞ ዕቃው የመጣበት ቦታ ነው። ሞዴሉ “ባና” የሚለውን ቃል ካላወቀው ቆራርጦ በፊደል የሚመስለውን ነገር ያስባል፤ “ሐይቅ” የሚለውን ግን ያውቀዋልና ቬክተሩን ወደ ውኃ ይጎትተዋል። ስለ ብርድ ልብስ የሚናገር አንድም ቃል በሌለበት ጽሑፍ “የሚሞቅ ነገር” ለሚል ጥያቄ ባናው ቢቀር ማን ይገረማል?

አዲሱ መግለጫ እንዲህ ሆነ፦ “ባና። ከበግ ጸጉር የተሠራ ወፍራም የአልጋ ልብስ። ሌሊት ለብርድ የሚደረብ፣ የሚሞቅ። ለአረጋውያንና ለደጋ አገር ይሆናል።” የመጀመሪያው ቃል የዕቃው ስም ነው። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ዕቃው ምን እንደሆነ ስሙን ለማያውቅ ሰው ይናገራል። ሦስተኛው ለምን እንደሚያገለግል፣ አራተኛው ለማን እንደሚሆን ይገልጻል። ለአገልግሉም እንዲሁ አደረግን፦ “አገልግል። በቆዳ የተለበጠ ክዳን ያለው የምግብ መያዣ። እንጀራና ወጥ ይዞ ለመንገድ፣ ለጉዞ፣ ለጥየቃ።” ለረከቦቱ “ሲኒ የሚደረደርበት የቡና ማቅረቢያ”፣ ለአንቀልባው “ልጅን በጀርባ ማዘያ” ተጨመረ።

ይህን የጻፈችው አክስቴ ናት። እኔ ሞክሬው ነበር፤ የእኔ መግለጫ የመዝገበ ቃላት ፍቺ ይመስላል። እርሷ ግን የምትጽፈው ደንበኛ ፊቷ ቆሞ ሲጠይቃት እንደምትመልስለት ነው፤ ደንበኛውም የሚጽፈው በዚያው አንደበት ነው። እኔ ጎኗ ተቀምጬ እየተየብኩ በቀን 80 ያህል ዕቃ እንጨርስ ነበር።

ሦስት ነገሮች ከመግለጫው ውስጥ እንዲወጡ አጥብቄ እመክራለሁ። የመጀመሪያው ዋጋ፣ ቁጥርና የመደርደሪያ ምልክት ነው፤ እነዚህ በሠንጠረዡ ውስጥ የራሳቸው ዓምድ ይኑራቸው። ሁለተኛው “ጥራት ያለው፣ ተመራጭ፣ ምርጥ” የመሰለው የገበያ ውዳሴ ነው፤ በ640ውም ዕቃ ላይ ከተደጋገመ ሁሉም ዕቃ እርስ በርሱ እንዲመሳሰል ያደርጋል። ሦስተኛው ርዝመት ነው። ሞዴሉ ጽሑፉን ወደ ትንንሽ የቃል ቁርጥራጮች ከፍሎ የሚያነበው እስከ 512 ቁርጥራጭ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊትም ቢሆን ስለ አሥር ነገር የሚያወራ አንቀጽ የሁሉም አማካይ የሆነ፣ ለማንኛቸውም ያልቀረበ ቬክተር ይወልዳል። ሦስት ወይም አራት አጭር ዓረፍተ ነገር በቂ ነው።

የትኞቹ ዕቃዎች መግለጫ እንደጎደላቸው ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ከሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ የሚቀርቡትን ሦስቱን አውጥታችሁ አትሙ፤ ዕቃውን የሚያውቅ ሰውም ያንብበው። ከቡልኮ ጎን ጋቢና ባና ከመጡ ደግ ነው። ከማንደጃ ጎን የአልጋ ልብስ ከመጣ የማንደጃው መግለጫ ሥራ ይፈልጋል።

የቬክተር ዳታቤዝ መግዛት ወይም መጫን ያስፈልገኛል?

ለ640 ዕቃ አያስፈልግም። ሒሳቡን እንሥራው፦ 640 ዕቃ በ384 ቁጥር፣ እያንዳንዱ ቁጥር 4 ባይት፣ ሲባዛ 983,040 ባይት ይሆናል። ከአንድ የስልክ ፎቶ ያነሰ መጠን ነው። ሁሉንም አንድ በአንድ ማወዳደርም 245,760 ማባዛት ብቻ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ዓይን ሳይርገበገብ ይጨርሰዋል። ማውጫችን ይኸው ነው፦

```python
import numpy as np
from sentence_transformers import SentenceTransformer

model = SentenceTransformer("intfloat/multilingual-e5-small")
texts = ["passage: " + p["text"] for p in products]
ids = np.array([p["id"] for p in products])
V = model.encode(texts, normalize_embeddings=True)
np.savez("shop.npz", ids=ids, V=V)

def search(q, k=5):
    v = model.encode("query: " + q, normalize_embeddings=True)
    s = V @ v
    top = np.argsort(-s)[:k]
    return [(ids[i], float(s[i])) for i in top]
```

ለቬክተር ፍለጋ በተሠራው `FAISS` ውስጥ ያለው `IndexFlatIP` የሚሠራው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ እርሱም ሁሉንም ያወዳድራል። `HNSW` የመሰሉት ማውጫዎች የተፈጠሩት ቬክተሮቹ በመቶ ሺዎችና በሚሊዮኖች ሲቆጠሩ ሁሉንም ላለማወዳደር ነው። ፍጥነት የሚያገኙት ትክክለኛውን ጎረቤት አንዳንዴ በመሳት ነው። ትንሽ ሱቅ ያንን ዋጋ የሚከፍልበት ምክንያት የለም። ዝርዝራችሁ አስቀድሞ በ`PostgreSQL` ውስጥ ካለ `pgvector` የተባለው ተጨማሪ ቬክተሩን ከዕቃው ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ያስቀምጥላችኋል፤ ያንን የምትመርጡት ለፍጥነት ሳይሆን ለአያያዝ ምቾት ይሁን።

ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና የመሳሰሉት የፊደል ልዩነቶችስ?

አንዱ ደንበኛ “ዕጣን”፣ ሌላው “እጣን” ብሎ ይጽፋል። ለሰው አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በቃል ለሚደረገው ፍለጋ መፍትሔው ድምፃቸው አንድ የሆነውን ፊደላት ወደ አንድ መመለስ ነው፦

```python
A = "ሐሑሒሓሔሕሖኀኁኂኃኄኅኆሠሡሢሣሤሥሦዐዑዒዓዔዕዖፀፁፂፃፄፅፆሃኣ"
B = "ሀሁሂሀሄህሆሀሁሂሀሄህሆሰሱሲሳሴስሶአኡኢአኤእኦጸጹጺጻጼጽጾሀአ"
fold = lambda t: t.translate(str.maketrans(A, B))
```

በቬክተር በኩል ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሞዴሉ ቃላትን የሚያውቃቸው በሠለጠነበት ጽሑፍ ውስጥ ደጋግሞ ባያቸው አጻጻፍ ነው። “ፀሐይ”ን ወደ “ጸሀይ” ብትለውጡበት ከለመደው አጻጻፍ ልታርቁት ትችላላችሁ። ስለዚህ እኔ ለቃል ፍለጋው ሁልጊዜ አመሳስላለሁ፤ ለሞዴሉ ግን ጽሑፉን እንደተጻፈ እሰጠዋለሁ። በእናንተ ዝርዝር ላይ የትኛው እንደሚሻል ከታች በምገልጸው ፈተና ሁለቱንም ሞክሩ።

እንግዲያው የቃል ፍለጋውን ልጣለው?

በፍጹም። “ጀበና” ብሎ የጻፈ ሰው ጀበና ነው የሚፈልገው፤ ቬክተሩ ግን ሲኒና ረከቦት ሊያስቀድምበት ይችላል። ሁለቱን ዝርዝሮች ማዋሐድ ያስፈልጋል። የተለመደው ስልት ለእያንዳንዱ ዕቃ በየዝርዝሩ ያለውን ደረጃ ወስዶ `1/(60 + ደረጃ)` አስልቶ መደመር ነው። 60 በልምድ የጸና ቁጥር ነው።

ይህ ስልት አንዴ አሳስቶኛል። “ልጅ ማዘያ” ብዬ ስፈልግ በቬክተሩ ዝርዝር አንቀልባው አንደኛ ነበር፤ በቃል ዝርዝሩ ግን የለም፤ የቃል ፍለጋዬ የሚያየው መግለጫውን ሳይሆን የዕቃውን ስም ብቻ ነበርና። ውጤቱ 1/61፣ ማለትም 0.0164 ነው። “ልጅ” የሚል ቃል ያለበት የልብስ ስብስብ ደግሞ በቃል አንደኛ፣ በቬክተር አራተኛ ሆኖ 1/61 ሲደመር 1/64፣ 0.0320 አገኘ። አንቀልባው በእጥፍ ገደማ ተበለጠ። ጥፋቱ የነበረው የቃል ፍለጋዬ ከሁለቱ ቃላት አንዷን ብቻ ያገኘ ዕቃም እንዲገባ መፍቀዱ ነው። ሁሉም የጥያቄው ቃላት የሚገኙበትን ዕቃ ብቻ እንዲቀበል ሳደርገው የልብስ ስብስቡ ከቃል ዝርዝሩ ወጣ፤ አንቀልባውም ቦታውን ያዘ።

በቃል ፍለጋ ሁለት የአማርኛ ጣጣዎች አሉ። አንደኛው “የጋቢ”፣ “ለጋቢ”፣ “ጋቢዎች” የሚሉት ቅጥያዎች ናቸው። የፊቱን የ፣ ለ፣ በ፣ ከ በጭፍን ብትቆርጡ “በርበሬ” “ርበሬ”፣ “ከሰል” ደግሞ “ሰል” ይሆንባችኋል። ስለዚህ የሚቆረጠው የሚቀረው ቃል በራሳችሁ ዝርዝር ውስጥ ካለ ብቻ ይሁን። ሁለተኛው በ`SQLite` ውስጥ ያለው `trigram` የተባለው አከፋፈል ነው። ሦስት ፊደል ያልሞላ ቃል አያገኝም፤ “ጋቢ”፣ “ሲኒ”፣ “ሻሽ” ደግሞ ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው። ለእንግሊዝኛ የሚመች ዘዴ በአጫጭሮቹ ቃሎቻችን ላይ ባዶ እጁን ይመለሳል።

“ጥለት የሌለው ነጠላ” ወይም “ከ1,500 ብር በታች” ሲባል ለምን ይሳሳታል?

ቬክተር ስለ ምን እንደተወራ እንጂ ምን እንደተከለከለ በደንብ አይዝም። “ጥለት ያለው ነጠላ” እና “ጥለት የሌለው ነጠላ” ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ ስለሆኑ ቬክተራቸው በጣም ይቀራረባል። ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ 1,500 እና 5,100 ለሞዴሉ ያን ያህል አይራራቁም። ዋጋ፣ መጠን፣ ቀለምና ጥለት በሠንጠረዥ ዓምድ ተይዘው ከቬክተሩ በፊት ያጣሩ። በቴሌግራም ለደንበኞች የሚመልሰው የአክስቴ ቦት “ከ… ብር በታች” የሚለውን ሐረግ በተራ ኮድ ለይቶ ያወጣል፣ ከዋጋው በላይ ያሉትን ዕቃዎች ያስወግዳል፣ የቀሩትን ብቻ ያወዳድራል። ሁሉንም የሚያወዳድር ማውጫ ለዚህም ይመቻል፤ በ`HNSW` ከፍለጋው በኋላ ብታጣሩ ግን ከአምስቱ ውጤቶች አንድም ላይተርፍ ይችላል።

የማንሸጠው ዕቃ ሲጠየቅ ለምን “የለም” አይልም?

ምክንያቱም ሁልጊዜ የሚቀርብ ነገር አለ። “የመኪና ጎማ” ብትሉት ከ640ው የሚቀርበውን ያመጣል። ሰዎች በዚህ ጊዜ “ውጤቱ ከ0.5 በታች ከሆነ አታሳይ” የሚል ደንብ ያስገባሉ። በ`e5` ሞዴሎች ይህ ምንም አይከለክልም፤ የእነዚህ ሞዴሎች ውጤት በአሠለጣጠናቸው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ በ0.7 እና በ1.0 መካከል ይሰበሰባል። ፈጽሞ የማይገናኙ ጽሑፎችም 0.75 ሊያገኙ ይችላሉ።

ወሰኑን ከራሳችሁ ዝርዝር አውጡት። ሱቁ የማይሸጣቸውን 15 ዕቃዎች ጠይቁና የአንደኛውን ውጤት ነጥብ ጻፉ። ከዚያ መልስ እንዳላቸው የምታውቋቸውን ጥያቄዎች ነጥብ ጻፉ። ሁለቱ ቡድኖች የሚለዩበትን ቦታ ታያላችሁ። በንጹሕ አይለዩም፤ መካከል ላይ ይደራረባሉ። እኛ በዚያ መደራረቢያ ውስጥ ለሚወድቀው ጥያቄ ቦቱ “በትክክል ይኸው ነው ማለት አልቻልንም፤ የሚቀራረቡት እነዚህ ናቸው” እንዲል አደረግን። ጥያቄውም ወደ አክስቴ ስልክ ይላካል። ወሰኑ ለዚያ ሞዴልና ለዚያ ዝርዝር ብቻ ነው፤ ሞዴሉን ስትቀይሩ እንደገና ይለካል።

ፍለጋው መሻሻሉን በምን አውቃለሁ?

ከደብተሩ 40 ጥያቄዎችን መረጥን። ለእያንዳንዱ ትክክለኛው ዕቃ የትኛው እንደሆነ አክስቴ ውጤቱን ሳታይ አስቀድማ ወሰነች። ውጤቱን ካየች በኋላ ብትወስን ኖሮ “ይኸም ይሆናል” ማለቷ አይቀርም ነበር። የምንቆጥረው ቀላል ነገር ነው፦ ከ40ው በስንቱ ላይ ትክክለኛው ዕቃ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ ተገኘ? አምስት ያልነው በስልክ ላይ ሰው ሳይሰለች የሚያየው ያን ያህል ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ ራስን ማታለል በጣም ቀላል ነው። የዕቃዎቹን መግለጫ ስንጽፍ ከደብተሩ ቃላት እንወስዳለን፤ ከዚያ በዚያው ደብተር ብንፈትን የምንለካው ያጻፍነውን መልስ ነው። ስለዚህ ከ40ው 10ሩን ለይተን በፖስታ አሸግን። መግለጫ ስትጽፍ አክስቴም አላየቻቸውም፣ እኔም አላየኋቸውም። ሞዴል ስንቀይር፣ ወሰን ስናስተካክል የምንጠቀመው በ30ዎቹ ነው። የታሸጉት የተከፈቱት ሥራው አበቃ ባልን ቀን ብቻ ነው።

ያልተሳካውን ጥያቄ አንድ በአንድ ማንበብ ከቁጥሩ ይበልጥ ያስተምራል። “አራስ ልጠይቅ ነው” ለሚለው ደጋግሞ የሚመጣው የሕፃን ልብስ ብቻ ነበር። ሞዴሉ አልተሳሳተም፤ አራስ ጥየቃ ገንፎና የገንፎ ዕቃ እንደሚያስታውስ የሚናገር መግለጫ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ጥፋቱ የሞዴል ነው ወይስ የመግለጫ የሚለውን ለመለየት የትክክለኛውን ዕቃ መግለጫ አንብቡ፦ ዕቃውን የማያውቅ ሰው ከዚያ ጽሑፍ ብቻ ተነሥቶ ጥያቄውን ሊመልስ ካልቻለ ሞዴሉም አይችልም።

በላቲን ፊደል ወይም በኦሮምኛ የሚጽፉ ደንበኞችስ?

“jebena” ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው፤ አጻጻፉም ከሰው ሰው ይለያያል። ሞዴሉ ይህን አያስተማምንም። ለእያንዳንዱ ዕቃ የተለመዱትን የላቲን አጻጻፎች በቃል ፍለጋው ዓምድ ውስጥ ብቻ አስገብተናል፤ ወደ ቬክተሩ ጽሑፍ አላስገባናቸውም። ከከሚሴ የሚጽፉልን ደንበኞች ብዙ ጊዜ ኦሮምኛ ይጠቀማሉ። ኦሮምኛ በሞዴሉ ቋንቋዎች ውስጥ ቢኖርም የሠለጠነበት ጽሑፍ ከአማርኛውም በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ በብዛት ለሚጠየቁት ዕቃዎች ኦሮምኛ የምትናገር የሱቁ ሠራተኛ ለየብቻው መግለጫ ጻፈች። አንድ ዕቃ ሁለት ቬክተር ይኖረዋል፤ ከሁለቱ የበለጠው ነጥብ ይወሰዳል።

ኢንተርኔት ሲቋረጥስ?

ሞዴሉ አንዴ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። ፋይሉ 470 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ መስመር በሚፈጥንበት ሰዓት አውርዱትና `HF_HUB_OFFLINE=1` ብላችሁ አሂዱት፤ አለበለዚያ ሲነሣ ወደ መረቡ ለመድረስ ሲሞክር ሊዘገይ ይችላል። ቦቱ ራሱ መስመር ይፈልጋል፤ በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ያለው ፍለጋ ግን ይሠራል።

ዕቃ ሲጨመር፣ ሲያልቅ፣ ዋጋ ሲለወጥ ምን ላድርግ?

ዋጋ በቬክተሩ ጽሑፍ ውስጥ ስለሌለ ሲለወጥ የሚነካ ነገር የለም። መግለጫው የተለወጠ ዕቃ ብቻ እንደገና ይሰላል። ሞዴሉ ከተቀየረ ግን ሁሉም ከመጀመሪያው ይሰላል፤ የሁለት ሞዴሎች ቬክተሮች አንድ ላይ ሊወዳደሩ አይችሉም፣ ሁለቱም 384 ቁጥር ቢሆኑ እንኳ።

ዕቃ ሲሰረዝ የሚያጋጥመውን ግን ተጠንቀቁ። እኔ መጀመሪያ ቬክተሮቹን በረድፍ ቁጥራቸው ብቻ ከዕቃው ጋር አያይዤ ነበር። አክስቴ ሰፌዱን ከዝርዝሩ ስትሰርዝ ከእርሱ በታች ያሉት ዕቃዎች አንድ አንድ ረድፍ ወደ ላይ ወጡ፤ ቬክተሮቹ ግን ባሉበት ቀሩ። በማግሥቱ መሶብ የጠየቀ ሰው የመሶቡን ጎረቤት ፎቶ አገኘ። ምልክቱ ይኸው ነው፦ ውጤቱ ሁሉ በአንድ ረድፍ የተንሸራተተ ይመስላል፣ ከዝርዝሩ አናት ያሉት ዕቃዎች ግን ደህና ናቸው። ከላይ ባለው ኮድ `ids` እና `V` በአንድ ፋይል አብረው የሚቀመጡት ለዚህ ነው። ያለቀ ዕቃን ደግሞ አንሰርዝም፤ “አለ ወይስ የለም” የሚለውን ዓምድ እንለውጣለን፣ ፍለጋው ያጣራዋል፣ ዕቃው ሲመጣም መግለጫው ይጠብቀዋል።